AKIA እና ASIA፦ ቋሚው ቁልፍ ለምን ያስፈራል?

"ቁልፉ እየሰራ ነው፣ ለምን ልቀይረው?" የሚለው ጥያቄ ስለበዛ ነው ይህን የምጽፈው። አማዞን ክላውድ ላይ በ AKIA የሚጀምር ቁልፍ ቋሚ ነው፣ እናንተ እስክታጠፉት ይሰራል። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም እያከራያችሁ ተከራይ ሲለቅ የበሩን ቁልፍ ጋን ሳትቀይሩ እንደመተው ነው፣ ማን ኮፒ እንዳስቀረጸ በምን ታውቃላችሁ? አንዱ ልጅ `.env` ፋይሉን ከነቁልፉ ጊት ላይ ይለቅና በማግስቱ ያጠፋዋል፣ የጊቱ ታሪክ ውስጥ ግን ቁጭ ብሏል።

በቋሚው ቁልፍ ፈንታ ሮል የሚባለውን የፈቃድ ጥቅል ስትጠቀሙ ግን ሰርቨሩ ላይ ታያይዙታላችሁ፣ ሰርቨሩ ራሱ በ ASIA የሚጀምር ጊዜያዊ ቁልፍ ከነቶክኑ ይቀበላል፣ ሳያልቅበትም አዲስ ያመጣል። ሰው ሮል ሲወስድ ደግሞ ካልቀየረው ቁልፉ የሚቆየው 1 ሰዓት ነው፣ እንደ ሮሉ ሴቲንግ ከ15 ደቂቃ እስከ 12 ሰዓት ይለያያል። ቢሰረቅ እስኪያልቅ መስራቱ አይቀርም እሺ፣ ግን ያልቃል።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋር ነው፦ ሮሉን አያይዞ የድሮውን ቁልፍ እዛው ይተወዋል፣ ፕሮግራሙ ደግሞ መጀመሪያ ኢንቫይሮንመንት ውስጥ ያለውን ስለሚያነሳ ሮሉን ዞር ብሎም አያየውም። ፕሮግራሙ በሚነሳበት ኢንቫይሮንመንት ይቺን ሞክሩ

```
aws sts get-caller-identity
```

`assumed-role` ካለ ሮሉን ይዟል፣ `user/` ካለ ገና በድሮው ቁልፍ ነው። የድሮውን ወዲያው አትሰርዙት፣ መጀመሪያ ዲአክቲቬት አድርጉትና ጥቂት ቀን ጠብቁ፣ የሚጮህ ነገር ካለ መልሳችሁ ታበሩታላችሁ።