ድብቅ ቲቢ ምንድን ነው? መከላከያው መድኃኒትስ ለማን ይሰጣል?

"እኔ ምንም አላመመኝም። የታመመው እሱ ነው። ታዲያ ለምን መድኃኒት ትሰጡኛላችሁ?"

ጤና ጣቢያ የቲቢ ክፍል ውስጥ የሠራ ሰው ይህን ጥያቄ በደንብ ያውቀዋል። አብዛኛውን ጊዜ የምትጠይቀው የታማሚው ሚስት ናት። ጥያቄዋም ትክክል ነው። ጤነኛ ሰው መድኃኒት የሚውጥበት ምክንያት ሊነገረው ይገባል።

ማታ እሳት ሲዳፈን አይታችኋል። ፍሙ አመድ ይለብሳል። እጅ ቢያስጠጉበት ብዙም አይፋጅም፣ ጭስም የለውም። ግን አልጠፋም። ጠዋት አመዱን ገለጥ አድርጎ እፍ ያለበት ሰው ይነድለታል። ድብቅ ቲቢም እንዲህ ነው። የቲቢ ጀርም በትንፋሽ ሳንባ ውስጥ ይገባል፤ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳት ይከቡትና ያፍኑታል። ጀርሙ አለ፣ ግን አይራባም ወይም በጣም ቀስ ብሎ ነው። ሰውዬው አያስለውም፣ አይከሳም፣ ለማንም አያስተላልፍም። ከዓለም ሕዝብ ሩብ ያህሉ ቲቢን በዚህ መልክ ይዞታል ተብሎ ይገመታል።

የቲቢ በሽታ የሚባለው እሳቱ ሲነድ ነው። ጀርሙ ይራባል፣ ሳንባን ይበላል፣ በሳልና በትንፋሽ ወደ አየር ይወጣል። የሚያስተላልፈው ይሄኛው ነው፣ መንገዱም አየር ነው። ድብቅ ቲቢ ላለበት ሰው ኩባያ መለየት፣ ጉርሻ መከልከል ሰውን ከማስከፋት ሌላ ጥቅም የለውም።

እሳቱ በሁሉም ላይ አይነሳም። ጀርሙ ከያዛቸው 100 ሰዎች በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ከ5 እስከ 10 ያህሉ ናቸው። ከነዚህም የሚበዙት የሚታመሙት በተያዙ በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት ውስጥ ነው። መከላከያ ለማን ይሰጣል የሚለው ነገር ሁሉ ከዚህ ይነሳል። ከ20 ዓመት በፊት ተይዞ እስከ ዛሬ ደህና የሆነ ጤነኛ ጎልማሳ አደጋው ትንሽ ነው። ባለፈው ወር ከሚያስል ሰው ጋር አንድ ክፍል ያደረ ሰው ግን ገና አደገኛው ጊዜ ላይ ነው።

አመዱ ከስስ ሰውም ጉዳዩ ይለያል። ኤችአይቪ በደሙ ያለና መድኃኒት ያልጀመረ ሰው በየዓመቱ የመታመም ዕድሉ እስከ 10 በመቶ ይደርሳል፤ ሌላው ሰው በሙሉ ዕድሜው የሚጋፈጠውን እሱ በአንድ ዓመት ይጋፈጠዋል ማለት ነው። ሕፃናት ደግሞ ከሁሉም ይብሳሉ። ዓመት ያልሞላው ልጅ ጀርሙ ይዞት መከላከያ ካላገኘ የመታመም ዕድሉ ከሦስት አንድ ወይም ከዚያ በላይ ነው። በሽታውም በሳንባ ብቻ አይቆምም፣ ወደ አንጎል ሽፋን ሊሄድ ይችላል።

ታዲያ ተመርምሮ ማወቅ አይቻልም? ይቻላል፣ ግን በከፊል ነው። ክንድ ላይ ተወግቶ ከ48 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ እብጠቱ በማስመሪያ የሚለካ የቆዳ ምርመራ አለ። የደም ምርመራም አለ። ሁለቱም የሚናገሩት አንድ ነገር ነው፤ ሰውነትህ ይህን ጀርም ያውቀዋል። ጀርሙ ተዳፍኖ ይሁን እየነደደ ግን አይለዩም። የቆዳው ምርመራ በተወለድን ጊዜ በተከተብነው ቢሲጂ የተነሳም ሊያሳስት ይችላል፤ የደሙ አይሳሳትበትም።

አሜሪካ ለግሪን ካርድ ሲመረመሩ "ደምህ ቲቢ አለበት ተባልኩ" ብለው ደንግጠው የሚደውሉ ዘመዶች አሉን። እዚያ የሚደረገው ይኸው የደም ምርመራ ነው። ውጤቱ ፖዘቲቭ ሲሆን ራጅ ይነሳሉ። ራጁ ንጹሕ ከሆነና ምልክት ከሌላቸው የያዛቸው ድብቅ ቲቢ ነው፣ ወረቀታቸውንም በዚህ ምክንያት አይከለከሉም። መድኃኒቱን ጨርሰው ከዓመታት በኋላ ቢመረመሩም ያው ፖዘቲቭ ሊል ይችላል። ስለዚህ መዳንን በዚህ ምርመራ ማረጋገጥ አይቻልም። የጨረሱበትን ወረቀት ማስቀመጥ ይሻላል።

አሁን ዋናው ነጥብ ላይ ደርሰናል። መከላከያ ከመሰጠቱ በፊት ሰውዬው እንዳልታመመ መረጋገጥ አለበት። ይሄ ለወጉ የሚደረግ ነገር አይደለም፣ ምክንያቱ የቁጥር ነገር ነው። ከቲቢ ጀርሞች በአማካይ ከሚሊዮን አንዱ አይሶኒያዚድ የሚባለውን መድኃኒት በተፈጥሮው ይቋቋማል። ድብቅ ቲቢ ያለበት ሰው የያዘው ጀርም በጣም ጥቂት ስለሆነ ተቋቋሚው በመካከላቸው የመገኘቱ ዕድል ኢምንት ነው። አንድ ወይም ሁለት መድኃኒት ይበቃል። ሳንባው ተቦርቡሮ የሚያስል ሰው ግን 100 ሚሊዮን ጀርም ሊይዝ ይችላል። ከዚያ ውስጥ 100 ያህሉ ከመጀመሪያውም አይሶኒያዚድ አይነካቸውም። ለዚህ ሰው አይሶኒያዚድ ብቻውን ቢሰጥ ሌሎቹ ያልቃሉ፣ ቦታው ለመቶዎቹ ይለቀቃል። ሰውዬው ለጥቂት ሳምንት ይሻለዋል፤ ከዚያ መድኃኒት የተላመደ ቲቢ ይዞ ይመለሳል። አንዱን የሚጠብቅ እንክብል ሌላውን የሚጎዳው እንዲህ ነው።

አንድ ቤት እንይ። ቤተሰቡን ለምሳሌ እኔ ነኝ የፈጠርኩት፣ እንዲህ ያለ ቤት ግን ብዙ ነው። አባት ታክሲ ሾፌር ነው። ሁለት ወር ሙሉ "ብርድ መቶኝ ነው" እያለ ሲያስል ቆይቶ አክታው በጂን ኤክስፐርት ተመርምሮ ቲቢ ተገኘበት። መሣሪያው ሪፋምፒሲን የተባለው መድኃኒት እንደሚሠራለትም አብሮ ነገረን። ይሄ ለቤተሰቡም ወሳኝ ነው። ጀርሙ መድኃኒት የተላመደ ቢሆን ኖሮ የተለመደው መከላከያ አይረባቸውም ነበር። ቤት ውስጥ ሚስቱ፣ የ14 ዓመት ልጃቸው፣ የ3 ዓመት ልጃቸው፣ አያትና የሚስትየው ወንድም አሉ።

ነርሷ ሁሉንም አስጠርታ አራት ነገር ትጠይቃለች። ሳል አለ? ትኩሳት? ክብደት መቀነስ? ሌሊት ማላብ? ልጁን ሚዛን ላይ አውጥታ እድገቱን ከካርዱ ጋር ታስተያያለች።

አያት "ከድሮም ሳል አለብኝ፣ ጭሱ ነው" ይላሉ። ስኳርም አለባቸው። ቀሚሳቸው ሰፍቷቸዋል፣ እሳቸው ግን የጾሙ ነው ይላሉ። ነርሷ ለእሳቸው መከላከያ አትሰጥም፤ አክታ ታስመረምራለች። ውጤቱ ቲቢ አለ ይላል። ስለዚህ እንደ ልጃቸው ሙሉውን የ6 ወር ሕክምና ይጀምራሉ፤ መጀመሪያ 2 ወር በአራት መድኃኒት፣ ከዚያ 4 ወር በሁለት። ሳይጠየቁ መከላከያ ቢሰጣቸው ኖሮ ቅድም ያልነው ነገር በእሳቸው ላይ ይደርስ ነበር።

ትንሹ ልጅ 13 ኪሎ ነው፣ ይጫወታል፣ አያስለውም። የቆዳ ምርመራ አያስፈልገውም። ከ5 ዓመት በታች ሆኖ ከታማሚ ጋር የኖረ ልጅ ጤነኛ መሆኑ ከታወቀ ያለ ምርመራ ይጀመርለታል። ሪፋምፒሲንና አይሶኒያዚድ የተቀላቀሉበት፣ ውሃ ውስጥ የሚሟሟ የልጆች እንክብል አለ። በሱ ክብደት በቀን 3 ነው፣ ለ3 ወር።

ልጅቷ፣ እናትና አጎት ለየት ያለውን ይወስዳሉ፤ ሪፋፔንቲንና አይሶኒያዚድ በሳምንት አንድ ቀን፣ በጠቅላላው 12 ጊዜ። ድሮ አይሶኒያዚድ ለብቻው በየቀኑ ለ6 ወር ነበር የሚሰጠው፣ አሁንም ይሠራበታል። ብዙ ሰው ግን መሃል ላይ ይሰለቻል። ምንም ሳያምህ 180 ቀን መድኃኒት መዋጥ ቀላል አይደለም።

አጎት ኤችአይቪ አለበት፣ ዶሉቴግራቪር ያለበትን መድኃኒት በየቀኑ ይወስዳል። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። ሌሎች የኤችአይቪ መድኃኒቶች ሁሉ ግን እንዲህ አይደሉም፤ ስለዚህ የሚወስደውን ካርቶን ይዞ መምጣት አለበት። እናት ክንዷ ላይ የተቀበረ የወሊድ መከላከያ አላት። ሪፋፔንቲን ጉበት ሆርሞኑን ቶሎ እንዲያስወግደው ስለሚያደርግ የወሊድ መከላከያው ሊከሽፍ ይችላል። ካልተጠየቀች አትናገርም፣ ለምን ትናገራለች? ስለ ሳንባ ነው የመጣችው። እስክትጨርስና ከጨረሰችም በኋላ ለ1 ወር ኮንዶም ወይም ሌላ ሆርሞን የሌለው ዘዴ ትጨምራለች።

መጀመሪያ ቀን ሽንታቸው ወደ ብርቱካን ቀለም ይቀየራል። ካልተነገራቸው ደም መስሏቸው ያቆማሉ። መድኃኒቱ ነው፣ ችግር የለውም። መፍራት ያለባቸው ሌላ ነው፦ ምግብ መዝጋት፣ ማስመለስ፣ ከጎድን በታች በቀኝ በኩል ሕመም፣ የዓይን ቢጫ መሆን። እነዚህ ከጉበት ናቸው። ያኔ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መድኃኒቱን አቁመው መምጣት ነው። አረቄና ጠላ የሚያዘወትር፣ ወይም የጉበት ሕመም ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት መናገር ያለበትም ለዚህ ነው። እጅና እግር የሚደነዝዘው ሰው ደግሞ ቫይታሚን ቢ6 ይጨመርለታል።

ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ ለሁሉም ሰው ለምን አይታደልም? በደቡብ አፍሪካ የወርቅ ማዕድን ቆፋሪዎች ላይ ተሞክሯል። ውጤቱ በ2014 ወጣ። መድኃኒቱን እየወሰዱ ሳለ ጠብቋቸዋል። ሲያቆሙ ጥበቃውም ቶሎ ጠፋ፣ በጠቅላላ ቆፋሪው መካከልም ቲቢ አልቀነሰም። መከላከያው ዛሬ ያለውን ፍም ያጠፋል፣ ነገ ከሌላ ሰው የሚመጣውን ግን አያስቀርም። ስለዚህ የሚጠቅመው አደጋው ለተረጋገጠበት ሰው ነው፤ ታማሚ ቤቱ ላለ፣ ኤችአይቪ ላለበት፣ ኩላሊቱን በማሽን ለሚያጥብ፣ የአካል ንቅለ ተከላ ለሚጠብቅ፣ መከላከያ አቅምን የሚያወርድ የቁርጥማት መርፌ ለሚጀምር። ስለ ስኳር ሕመምተኞች ግን፣ በሽታው ብቻውን መከላከያ ለመስጠት በቂ ምክንያት ተደርጎ አልተወሰደም።

ወደ እናትየው እንመለስ። ቅዳሜን መረጠች፣ ከቁርስ በኋላ። ምግብ ላይ ሲወሰድ ሪፋፔንቲን በደንብ ይሰርጻል። በአምስተኛው ሳምንት ለቅሶ ሄዳ ቅዳሜ አለፈባት። ሰኞ ትዝ አላትና ደወለች። ገና 2 ቀን ስለሆነ ያኔውኑ ትዋጥና በሚመጣው ቅዳሜ እንደ ልማዷ ትቀጥላለች። ማክሰኞ ወይም ከዚያ በኋላ ትዝ ቢላት ኖሮ የዋጠችበት ቀን አዲሱ ቀኗ ይሆን ነበር። ካርዱ ላይ 12 ክብ አለ። ልጅቷ በየሳምንቱ በእስክሪብቶ ትሞላለች።