በደሴና በኮምቦልቻ ሱቆች አንድ የማኅበራዊ ሚዲያ ደንበኛ የሚያስወጣው እውነተኛ ወጪ

የደንበኛ ማግኛ ወጪ የሚባለው፣ አዲስ ገዢዎችን ለማምጣት የወጣው ገንዘብና በብር የተተመነው የሥራ ሰዓት ተደምሮ፣ በተገኙት አዲስ ገዢዎች ቁጥር ሲካፈል የሚመጣው መጠን ነው። በደሴ ፒያሳም ሆነ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወረድ ብላ በምትገኘው ኮምቦልቻ፣ የልብስ፣ የጫማና የቤት ዕቃ ሱቆች በፌስቡክ፣ በቴሌግራምና በቲክቶክ ዕቃቸውን ያሳያሉ። የወሎ ነጋዴ የዱቤ መዝገቡን ሳንቲም ሳያጓድል መያዙን ያውቅበታል፤ የኢንቦክስ ሥራ ግን ገና በወጉ ወደዚያ መዝገብ አልገባም።

ቀደም ባሉት ዓመታት ወጪው ትንሽ ስለነበር ብዙም አይሰላም ነበር። በ2015 ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥም የሚሰላው ነገር ራሱ ቆመ። ነገሩን የለወጠው ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን መደረጉ ነው። 57 ብር አካባቢ የነበረው የባንክ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የፌስቡክ ማስታወቂያ የሚከፈለው በውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሆነ፣ ካርድ የሌለው ሱቅ ካርድ ላለው ሰው ብር ሰጥቶ ቡስት ያስደርጋል። ስለዚህ በወጪነት መመዝገብ ያለበት የባንኩ ምንዛሪ ሳይሆን ለዚያ ሰው በእጅ ወይም በቴሌብር የተከፈለው ብር ነው።

ለማሳያ የሀበሻ ቀሚስ የሚሸጥ አንድ የደሴ ሱቅ እንውሰድ። በወሩ ውስጥ የ40 ዶላር ማስታወቂያ አስነግሮ፣ ካርድ ያለው ሰው በዶላር 170 ብር ሂሳብ 6,800 ብር ተቀበለው። የማስታወቂያው ሪፖርት ስክሪን 210 ሰዎች መልእክት እንደላኩ ያሳያል፤ ለአንዱ 32 ብር ገደማ መሆኑ ነው። ባለሱቁ ደንበኛ በ32 ብር አገኘሁ ብሎ የሚደሰተው እዚህ ላይ ነው።

ሠራተኛዋ ግን በቀን አንድ ሰዓት ተኩል መልእክት ስትመልስ፣ አንድ ሰዓት ደግሞ ፎቶ ስታነሳና ስትለጥፍ ትውላለች። በ26 የሥራ ቀን 65 ሰዓት ይሆናል። ደመወዟ 6,000 ብር ነው፤ አሠሪው የሚጨምረው 11 በመቶ ጡረታ ሲታከል 6,660 ብር ይደርሳል። ይህ ለወሩ 208 ሰዓት ሲካፈል ሰዓቱ 32 ብር ይወጣዋል፤ የ65ቱ ሰዓት 2,080 ብር ነው። ባለሱቁ ራሱ የሠራው 12 ሰዓት፣ ተተኪ ቢቀጠር በሚከፈለው 60 ብር ሲታሰብ 720 ብር ይሆናል። የኢንተርኔት ጥቅል 600 ብር፣ ወደ ኮምቦልቻ በነጻ የተላኩ 12 ዕቃዎች ማድረሻ 1,200 ብር ወሰደ። ድምሩ 11,400 ብር ነው።

ከመልእክት ላኪዎቹ የገዙት 38 ናቸው። ከእነሱ 8ቱ ድሮም የሱቁ ደንበኞች ስለነበሩ አዲሶቹ 30 ብቻ ናቸው፤ አንዱ 380 ብር አስወጥቷል ማለት ነው። ከአንድ ቀሚስ የሚተርፈው 450 ብር ከሆነ፣ በመጀመሪያው ግዢ ለሱቁ የሚቀረው 70 ብር ነው። ስክሪኑ በሚያሳየው 32 ብር የተማመነ ባለሱቅ ቀሚሱ ላይ የ100 ብር ቅናሽ ቢያደርግ ለእያንዳንዱ አዲስ ደንበኛ 30 ብር ይከስራል፤ ሽያጩ ስለሚደምቅ ግን ኪሳራው ቶሎ አይታየውም።

ደመወዙ ለማንኛውም ስለሚከፈል ሰዓቱ መቆጠር የለበትም የሚሉ ነጋዴዎች አሉ። ሱቁ ጭር ባለበት ሰዓት ለተሠራው ሥራ አባባላቸው የተወሰነ እውነት ሊኖረው ይችላል። በገበያ ቀን ሠራተኛዋ ስልኳ ላይ አቀርቅራ በር ላይ የቆመ ገዢ ሳይስተናገድ ከተመለሰ ግን ክርክሩ አያስኬድም። ሰዓቱን ለማወቅ አንድ ሳምንት ያህል የጀመረችበትንና የጨረሰችበትን ደብተር ላይ መጻፍ ይበቃል፤ በግምት የሚነገረው ብዙውን ጊዜ ያንሳል።

ሰዓቱን በብዛት የሚበላው «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ልማድ ነው። ዋጋው ፎቶው ላይ ሲጻፍ «ስንት ነው?» ብቻ ብሎ የሚጠፋው ሰው ይቀንሳል። ያኔ ስክሪኑ ላይ የአንድ መልእክት ዋጋ ይወደዳል፤ የገዢው ቁጥር እስካልቀነሰ ድረስ ግን የሠራተኛዋ ሰዓት ስለሚተርፍ እውነተኛው ወጪ ይወርዳል።

ሂሳቡን የሚያዛባ ሌላው ነገር የቀን አቆጣጠር ነው። የሱቁ ደብተር በእኛ ወር፣ የማስታወቂያው ሪፖርት በፈረንጅ ወር ይሄዳል። የጥቅምት 2017 ሽያጭ መነጻጸር ያለበት ከኦክቶበር 11 እስከ ኖቬምበር 9 ቀን 2024 ካለው የማስታወቂያ ወጪ ጋር ነው፤ ሪፖርቱ ላይ መነሻና መድረሻ ቀኑን በእጅ ማስገባት ይቻላል። በጥቅምት ጠይቆ በኅዳር የሚገዛውን ለመለየት ደግሞ፣ ሽያጩ ሲመዘገብ ሰውየው መጀመሪያ የጻፈበት ቀን ከስሙ ጎን ይሰፍራል።