የአቅራቢ የባንክ ሒሳብ «ተቀይሯል» ሲባል፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ደብዳቤው ማኅተምና ፊርማ አለው፤ የመጣውም ሁልጊዜ ከምንጻጻፍበት ኢሜይል ነው።»

ጅማ ያለ አንድ ቡና ማበጠሪያ አዲስ አበባ ካለ አቅራቢ 12,000 ጆንያ አዘዘ እንበል። ዋጋው 1,860,000 ብር ነው፤ ፕሮፎርማው ደርሷል፣ ክፍያው ለሐሙስ ተይዟል። ረቡዕ ከሰዓት በዚያው በሚጻጻፉበት ኢሜይል ላይ አንድ መልእክት ይገባል፦ «ነባሩ ሒሳባችን ኦዲት ላይ ስለሆነ የዚህን ዙር ክፍያ በተያያዘው ቁጥር እንድታስገቡልን እንጠይቃለን።» አባሪው ላይ አርማው፣ ክብ ማኅተሙና የሥራ አስኪያጁ ፊርማ አለ። የጆንያው ብዛት፣ የፕሮፎርማው ቁጥር፣ የገንዘቡ መጠን ሁሉም ልክ ነው።

ልክ የሆነው ላኪው ደብዳቤዎቹን ሲያነብ ስለቆየ ሊሆን ይችላል። በዚህ የማጭበርበር ዓይነት የተለመደው አካሄድ የአንደኛውን ወገን የኢሜይል የይለፍ ቃል አግኝቶ ድምፅ ሳያሰሙ መከታተልና ክፍያ ሲቃረብ ብቻ መጻፍ ነው። ማኅተሙና ፊርማው ከቀድሞ ፕሮፎርማ ላይ ተቆርጦ ይለጠፋል፤ ስካን የተደረገ ወረቀት ላይ የተለጠፈ ማኅተም ከእውነተኛው በዓይን አይለይም።

ኢሜይሉ ካልተሰበረ ደግሞ ተመሳሳይ አድራሻ ይከፈታል። የአቅራቢው አድራሻ `sales@example.com` ከሆነ አጭበርባሪው `sales@exarnple.com` ብሎ ይመዘገባል። `r` እና `n` ተጠጋግተው ሲቀመጡ በስልክ ስክሪን ላይ `m` ይመስላሉ። ስለዚህ የላኪውን ስም ብቻ ሳይሆን ሙሉ አድራሻውን ከፍቶ፣ ከድሮ ኢሜይል ጎን አስቀምጦ ፊደል በፊደል ማየት ይጠቅማል። ይሁን እንጂ ይህ የሚይዘው የውሸት አድራሻን ብቻ ነው። ደብዳቤው ከእውነተኛው ሣጥን የወጣ ከሆነ አድራሻው ምንም አይናገርም። ለዚያው ኢሜይል «እውነት እናንተ ናችሁ?» ብሎ መመለስም መልሱን የሚሰጠው አጭበርባሪው ስለሚሆን ዋጋ የለውም። ሣጥኑ ውስጥ የገባ ሰው የእናንተን መልስ ባለቤቱ ሳያየው ወደ ሌላ ማኅደር የሚወስድ ትእዛዝ ማስቀመጥም ይችላል፤ የአቅራቢው ሒሳብ ሹም ቢሮው ቁጭ ብሎ ምንም ሳያውቅ ይውላል።

«ደውለን አረጋግጠናል።»

በየትኛው ቁጥር? ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ደብዳቤው ግርጌ ላይ ስልክ አለ፣ ሒሳብ ሹሙ እሱን ይደውላል፣ ትሕትና ያለው ሰው ያነሳል፣ «አዎ፣ እኛ ነን የላክነው» ይላል። ደብዳቤውን የጻፈው ሰው ስልኩንም ጽፎታል። እነሱ ራሳቸው ከደወሉላችሁም ያው ነው፤ የገባ ጥሪ ማረጋገጫ አይሆንም፣ ዘግታችሁ እናንተ መደወል አለባችሁ።

የሚደወለው የለውጡ ደብዳቤ ከመምጣቱ በፊት በእጃችሁ በነበረ ቁጥር ነው። ቁጥሩ ከተፈረመ ውል፣ ባለፈው ዓመት ከተከፈለ ደረሰኝ፣ ወይም አቅራቢው መጀመሪያ ሲመዘገብ ከተሞላ ፎርም ይወሰዳል። ከአዲሱ ፕሮፎርማ አይወሰድም፤ እሱም ተነካክቶ ሊሆን ይችላል። በቴሌግራም ወይም በዋትሳፕ መደወልም አይበቃም፤ የሰው አካውንት መነጠቁ የየዕለት ወሬ ሆኗል። በተለመደው የስልክ ጥሪ፣ ቢቻል በ011 የሚጀምረውን የቢሮ መስመርና የባለቤቱን ሞባይል ሁለቱንም ሞክሩ። ያላችሁ አንድ ሞባይል ብቻ ከሆነ ያ ሲም ካርድ ወደ ሌላ ሰው እጅ ገብቶ እንደሆነ ማወቂያ የላችሁም።

ከማን ጋር እንደሚወራም ለውጥ አለው። ከእናንተ ጋር ዕለት ዕለት የሚነጋገረው ሽያጭ ሠራተኛ አይበቃም። አንዳንዴ ገንዘቡን ወደ ራሱ ሊያዞር የሚፈልገው እሱው ነውና። የፋይናንስ ኃላፊውን ወይም ባለቤቱን ጠይቁ።

አጠያየቁ ደግሞ ራሱን የቻለ ነገር ነው። «አዲሱ ሒሳባችሁ 1000... ነው አይደል?» ብሎ ማንበብ ስህተት ነው፤ የቸኮለ ሰው ሳይሰማ «አዎ አዎ» ይላል። ቁጥሩን እሱ ያንብብ፣ እናንተ ከደብዳቤው ጋር አስተያዩ። ጥሪው እንዲህ ሊሄድ ይችላል፦

«ሐጂ፣ እንደምን ዋሉ? ከጅማ ነው፣ የማበጠሪያው ሒሳብ ክፍል። የሒሳብ ቁጥር ስለመቀየር ደብዳቤ በእናንተ ስም ደርሶናል። እናንተ ልካችሁልናል?»

«ከእኛ? ቆይ እስቲ፣ ፋይናንሷን ላገናኝህ።»

ከፋይናንሷ ጋር ደግሞ፦ «እህቴ፣ በአሁኑ ሰዓት ገንዘብ የምትቀበሉበትን ባንክ፣ ቅርንጫፍና ሙሉ የሒሳብ ቁጥር አንድ በአንድ ታነቢልኛለሽ? ከዚህ በፊት የከፈልንበትንም ጨምሪልኝ።»

ነባሩን ቁጥር ማስነበብ የራሱ ጥቅም አለው። ከእናንተ የቀድሞ ክፍያ ጋር ሊገጥም ይገባል፤ ካልገጠመ የምታወሩት ሰው ማን እንደሆነ እንደገና አስቡበት። በምሳሌያችን ፋይናንሷ «ምንም አልቀየርንም» ብትል ክፍያው ይቆማል፣ ደብዳቤውም ሳይጠፋ ይቀመጣል፣ ኢሜይሏ ተሰብሮ ሊሆን እንደሚችልም ይነገራታል።

ስልኩ ካልተነሳስ? ያን ቀን አይከፈልም። የጅማ ነጋዴ ብዙውን ጊዜ አዲስ አበባ ወኪል ወይም ዘመድ አለው፤ ቢሮው ድረስ ሄዶ ኦሪጅናል ደብዳቤውን ከኃላፊው እጅ እንዲቀበል ማድረግ ይቻላል። ይህ ከኢሜይሉ ፈጽሞ የተለየ መንገድ ስለሆነ ከስልክም ይሻላል።

ጥሪው እንዳለቀ አንድ ገጽ ይጻፍ፦ ቀንና ሰዓት፣ የተደወለበት ቁጥርና ቁጥሩ የተገኘበት ሰነድ፣ ያነሳው ሰው ስምና ኃላፊነት፣ ያነበበው ሒሳብ፣ የደዋዩ ፊርማ። ክፍያውን የሚለቀው ደግሞ ሌላ ሰው ይሁን። ያንን ገጽ ሳያይ ቼክ ወይም የማስተላለፊያ ፎርም ላይ እንዳይፈርም አድርጉ።

«አሥር ዓመት የተገበያየን ሰው ነው፤ ብንጠይቀው ይቀየመናል። ደግሞም ጭነቱ መኪና ላይ ነው።»

ይሉኝታው ይገባናል፤ አጭበርባሪውም ይገባዋል፤ ለዚህም ነው «ዛሬውኑ ካልገባ መኪናው ከአዲስ አበባ አይነሳም» የሚለው። ግን የሚጠየቀው ሰውየው አይደለም፤ ደብዳቤው ነው። ነጋዴው ደንበኛው ገንዘቡን ሌላ ሰው ኪስ እንዳያስገባበት ሲጠነቀቅለት ቢቀየም ይገርማል። አነጋገሩን ለማቅለል «የድርጅታችን ደንብ ስለሆነ ለሁሉም እንደውላለን» ማለት በቂ ነው፤ በእርግጥም ለሁሉም ይደወል።

ጥድፊያውን የሚፈታ ሌላ መንገድም አለ። ነባሩ ሒሳብ ካልተዘጋ ክፍያው ወደዚያው ይሂድ። ኦዲት ደግሞ በተለመደው ሥራ ገንዘብ ገቢ ከመሆን አያግድም፤ ስለዚህ «ኦዲት ላይ ነው» የሚለው ምክንያት ራሱ ሊያስጠረጥር ይገባል። በነባሩ ለመቀበል የማይፈልግ ሻጭ ምክንያቱን በደወላችሁለት ቁጥር ላይ ይንገራችሁ።

«ቁጥሩን ስናስገባ የባለሒሳቡ ስም ስክሪን ላይ ይወጣል፤ ለጥንቃቄም መጀመሪያ ትንሽ ብር ልከን ደረሰን ብለውናል።»

ስሙ ይጠቅማል፣ በተለይ የማይመስል ስም ሲወጣ። ድርጅት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሆኖ ሳለ የግለሰብ ስም ከወጣ ክፍያው እዚያው ይቁም። «የሥራ አስኪያጁ ሒሳብ ነው» የሚለውን ማብራሪያ አትቀበሉ። በግለሰብ ነጋዴ ግን ነገሩ ትንሽ ይለያል፤ ሒሳቡ በንግድ ስሙ ሳይሆን በባለቤቱ ስም ሊሆን ይችላል፣ ያ ብቻውን ማጭበርበር አይደለም። ንግድ ፈቃዱና ቲን ቁጥሩ ላይ ካለው ስም ጋር አስተያዩት። ስሙ ቢገጥም እንኳ የሚያሳየው ሒሳቡ በዚያ ስም መከፈቱን ነው። ተቀራራቢ ስም ያለው ድርጅት ማቋቋም አይከብድም፤ «ትሬዲንግ» የሚለው «ጄኔራል ትሬዲንግ» ሆኖ ቢመጣ ስንቱ ያስተውላል?

የሙከራ ክፍያውን በተመለከተ ጥያቄው «ደረሰን» ያለው ማን ነው የሚለው ነው። በኢሜይሉ ወይም በአዲሱ ስልክ የመጣ መልስ ከሆነ አጭበርባሪው ራሱ ገንዘቡ ገብቶለት ደስ ብሎታል። ሙከራው ትርጉም የሚኖረው እንዲህ ሲደረግ ነው። መጀመሪያ ጥሪው በአሮጌው ቁጥር ይደረጋል። ከዚያ ያልተለመደ መጠን፣ ለምሳሌ 137 ብር፣ ስንት እንደሆነ ለማንም ሳይነገር ይላካል። በመጨረሻ በአሮጌው ቁጥር ተደውሎ «ዛሬ ከእኛ ስንት ገባላችሁ?» ይባላል። ፋይናንሷ 137 ካለች ያ ሒሳብ በእርግጥ የእነሱ እጅ ነው። «እናያለን» ካለች እስክታይ ጠብቁ።

«ከተሳሳተ ባንኩ ይመልስልናል።»

ገንዘቡ ተቀባዩ ሒሳብ ውስጥ ገቢ ከሆነ በኋላ የእናንተ ባንክ በራሱ ፈቃድ መልሶ ሊጎትተው አይችልም። ማስተላለፊያው ላይ የፈረማችሁት እናንተ ናችሁ፣ ባንኩ ደግሞ የጻፋችሁትን ቁጥር ፈጽሟል። ብሩ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ሌሎች ሒሳቦች ሊበተን ወይም በጥሬ ሊወጣ ይችላል። ዕዳውም አይሞትም፦ በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ክፍያ የሚፈጸመው ለባለገንዘቡ ወይም እሱ እንዲቀበል ለፈቀደለት ሰው ነው። ስለዚህ ጆንያውን ያስረከበው አቅራቢ 1,860,000 ብሩን እንደገና ሊጠይቅ ይችላል። ከእሱ ወገን ኢሜይሉ በቸልተኝነት ተሰብሮ ከሆነ ክርክሩ ሌላ መልክ ይይዛል፣ ግን ያ ክርክር ነው፣ በእጅ ያለ ገንዘብ አይደለም።

ስህተቱ ከተገኘ ቶሎ የሚሠራው የሚከተለው ነው። የላካችሁበት ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ጋር በአካል ሂዱ፣ የማስተላለፊያውን ማጣቀሻ ቁጥር፣ ሰዓቱን፣ የተቀባዩን ባንክና ሒሳብ በደብዳቤ ስጡ፣ ቅጂው ላይ «ደርሶናል» የሚል ማኅተም አስመቱ። በተመሳሳይ ሰዓት ሌላ ሰው የተቀባዩን ባንክ ያሳውቅ፤ ከሌላ ባንክ ከሆነና ቅርንጫፉ ጅማ ውስጥ ካለ በእግር ይሂድ። ከዚያ ለፖሊስ አመልክቱ፤ በሰው ሒሳብ ላይ ያለ ገንዘብ እንዲታገድ ባንኮች አብዛኛውን ጊዜ የሕግ አካል ደብዳቤ ወይም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠይቃሉ። አጭበርባሪው ላይ አትቆጡ፣ «ነቅተንብሃል» ብላችሁም አትጻፉ፤ ካልወጣ ገንዘብ ካለ ያን ጊዜ ያወጣዋል። ኢሜይሉን ሳትሰርዙ፣ ሳትቀይሩና ወደ ሌላ ሰው ሳታስተላልፉ ባለበት አቆዩት፤ ሲተላለፍ ከላይ ያለው የመንገድ መረጃ ስለሚቀየር መርማሪው የሚፈልገው ዋናው ነው።