የእርግዝና ስኳር ምርመራ፦ ጠዋት በባዶ ሆድ ያመለጠው ስኳር

ድሬዳዋ ውስጥ እርጉዝ ሴቶች ሲጨዋወቱ "ሽንቴን አይተውት ስኳር የለብሽም ብለውኛል" የሚል ነገር ይሰማል። ጥሩ ዜና ይመስላል። ግን የእርግዝና ስኳርን በሽንት መያዝ አይቻልም። በእርግዝና ጊዜ ኩላሊት ስኳርን በቀላሉ ስለሚያሳልፍ ጤነኛ ሴት ሽንቷ ላይ ስኳር ሊገኝ ይችላል። በተቃራኒው ስኳሯ ከፍ ያለ ሴት ሽንቷ ንጹሕ ሊሆን ይችላል። ጠዋት በባዶ ሆድ የሚወሰድ አንድ የደም ምርመራም ብቻውን አይበቃም። ለምን እንደማይበቃ ለመረዳት ችግሩ ከየት እንደሚመጣ ማየት ይጠቅማል።

የእንግዴ ልጁ እያደገ ሲሄድ የሚያመነጫቸው ሆርሞኖች የእናቲቱን ኢንሱሊን ያዳክሙታል። ይህ የተፈጥሮ ሥራ ነው፤ ከምግብ የመጣው ስኳር በደሟ ውስጥ ቆይቶ ለፅንሱ እንዲደርስ ያደርጋል። የብዙ ሴቶች ቆሽት ኢንሱሊን ጨምሮ ያመነጭና ነገሩን ያመጣጥነዋል። የአንዳንዶቹ ግን አቅም ያንሰዋል። ድካሙ ጎልቶ የሚታየው ከስድስተኛው ወር አካባቢ ጀምሮ ስለሆነ ምርመራው ከ24 እስከ 28ኛው ሳምንት ይደረጋል። ቤተሰቧ ውስጥ ስኳር ያለባት፣ ከዚህ በፊት ትልቅ ልጅ የወለደች ወይም ክብደቷ የበዛ ሴት ግን ገና በመጀመሪያው ክትትል መታየት አለባት።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ከዚራ የምትኖር የ32 ዓመት ነጋዴ አለች እንበል። እናቷ የስኳር ታማሚ ናቸው። የመጀመሪያ ልጇ ሲወለድ 4.3 ኪሎ ነበር፤ ሰፈሩ በሙሉ "ማሻ አላህ" ብሎለታል። በመጀመሪያው ክትትል ስኳሯ ደህና ነበር። አሁን 26ኛ ሳምንቷ ነው፤ ሽንቷም ንጹሕ ነው።

ከምሽት ጀምራ ቢያንስ 8 ሰዓት ምግብ ሳትቀምስ ጠዋት ትመጣለች። ውሃ መጠጣት ትችላለች። መጀመሪያ ደም ይወሰዳል። ከዚያ በአንድ ብርጭቆ ውሃ የተበጠበጠ 75 ግራም ግሉኮስ በ5 ደቂቃ ውስጥ ጠጥታ ትጨርሳለች። የቤት ስኳር ግሉኮስን አይተካም። ሰዓቱ የሚቆጠረው መጠጣት ከጀመረችበት ጊዜ ነው፤ ከ1 ሰዓትና ከ2 ሰዓት በኋላ እንደገና ደም ትሰጣለች። በመሃል ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። "እስከዚያ ታይዋን ገበያ ደርሼ ልምጣ" አይሠራም፤ እግር ሲንቀሳቀስ ጡንቻ ስኳሩን ይበላውና ውጤቱ ዝቅ ብሎ ይታያል። ካስመለሳት ደግሞ ምርመራው ሌላ ቀን ከመጀመሪያው ይደገማል።

ውጤቷ በሚሊግራም በዴሲሊትር ሲለካ እንዲህ መጣ፦ በባዶ ሆድ 88፣ ከ1 ሰዓት በኋላ 191፣ ከ2 ሰዓት በኋላ 149። የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ባወጣው መመዘኛ የእርግዝና ስኳር የሚባለው በባዶ ሆድ 92፣ በ1 ሰዓት 180፣ በ2 ሰዓት 153 ወይም ከዚያ በላይ ሲሆን ነው። ከሦስቱ አንዱ ከደረሰ ይበቃል። የእሷ የ1 ሰዓቱ አልፏል። በባዶ ሆድ ብቻ ተለክታ ቢሆን ኖሮ "ደህና ነሽ" ተብላ ወደ ቤቷ ትመለስ ነበር።

ላቦራቶሪውም ሊያሳስት ይችላል። ደም ቱቦ ውስጥ ሆኖ ሲቆይ የደም ሴሎቹ ስኳሩን እየተመገቡት ይሄዳሉ። ሙቀት ሲጨምር ደግሞ ይፈጥናል፤ የድሬን ሙቀት ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ናሙናው ቶሎ ካልተሠራ ወይም በረዶ ላይ ካልተቀመጠ እውነተኛው 95 የነበረ ስኳር 88 ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ቤት ውስጥ ያለው መለኪያም እንደዚሁ ነው። የብዙዎቹ ስትሪፖች ማስቀመጫ ከ30 ዲግሪ እንዳያልፍ ተብሎ ተጽፎባቸዋል። መስኮት ላይ ወይም ባጃጅ ውስጥ የዋለ ስትሪፕ የሚያወጣውን ቁጥር ማመን ይከብዳል።

ከዚህ በኋላ በቀን አራት ጊዜ ጣቷን እየወጋች ትለካለች፤ ጠዋት ከመብላቷ በፊት፣ ከዚያም እያንዳንዱን ምግብ ከጀመረች ከ1 ሰዓት በኋላ። ግቡ ጠዋት ከ95 በታች፣ ከምግብ በኋላ በ1 ሰዓት ከ140 በታች ነው። በ2 ሰዓት የምትለካ ከሆነ ከ120 በታች።

የመጀመሪያ ቀን ቁርሷ ፉል፣ ሁለት ዳቦና ሦስት ማንኪያ ስኳር የገባበት ሻይ ነበር። ቁጥሩ 168 ሆነ። ሰው ፉሉን ይከሳል፤ ፉል ግን ምንም አላጠፋም። ሻዩን ያለ ስኳር ጠጥታ፣ ዳቦውን ወደ አንድ ቀንሳ፣ እንቁላል ጨምራ ስትበላ 131 መጣ። ከምሳ በኋላ 15 ደቂቃ በእግር መሄድም የከሰዓቱን ቁጥር አውርዶላታል።

የጠዋቱ ግን እንቢ አለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ከሰባት ጠዋት አምስቱ ከ96 እስከ 103 ሆነ። ሌሊት ስኳር የሚለቀው ጉበት ስለሆነ እራት መቀነስ ሁልጊዜ አያወርደውም፤ በረሃብ ማደርም መፍትሔ አይደለም። ሐኪሟ ማታ ማታ የሚወጋ ኢንሱሊን ጀመረላት። "ኢንሱሊን ከተጀመረ አይለቅም" የሚባለው እዚህ ላይ አይሠራም፤ ከወሊድ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ወዲያው ይቆማል። ሐረርም ሆነ ድሬ ረመዳን በዚህ መሃል ከገባ፣ ኢንሱሊን የምትወጋ እናት ጾሙን ከመያዟ በፊት ሐኪሟን ማማከር አለባት።

ሕፃኑስ? ስኳር የእንግዴ ልጁን ያልፋል፣ የእናቲቱ ኢንሱሊን ግን አያልፍም። ስለዚህ የፅንሱ ቆሽት ራሱ ኢንሱሊን አብዝቶ ያመነጫል። ያ ኢንሱሊን ያወፍረዋል፤ በተለይ ትከሻውና ሆዱ ይገዝፋሉ። በምጥ ጊዜ ጭንቅላቱ ወጥቶ ትከሻው ሊያዝ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። እትብቱ ሲቆረጥ የስኳሩ ምንጭ ይቋረጣል፣ ኢንሱሊኑ ግን ገና አለ። ያኔ የሕፃኑ ስኳር ይወርዳል። እናቶች "ስኳር ይዞ ይወለዳል ወይ?" ብለው ይጠይቃሉ። አይደለም፤ የሚያሰጋው ማነሱ ነው።

የእኛዋ ልጅ 3.6 ኪሎ ሆኖ ተወለደ። በመጀመሪያው ሰዓት ጡት ያዘ። ከዚያ ተረከዙ ተወግቶ ሲለካ 41 ነበር፤ ብዙ ሐኪሞች ከ45 በታችን ዝቅተኛ ይሉታል። እንደገና ጠባና 54 ሆነ። የሚንቀጠቀጥ፣ የማይጠባ ወይም እንቅልፍ የሚያበዛ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በጡት ብቻ አይያዝም ነበር።

እናቲቱ ግን ከዚህ በኋላ ትረሳለች። አራስ ቤት አጥሚት በስኳር፣ ገንፎ በቅቤ ይመጣል፣ ለካኝ የሚልም የለም። የእርግዝና ስኳር የነበረባት ሴት በኋላ ዓይነት 2 ስኳር የመያዝ ዕድሏ ካልነበረባት ሴት ከ7 እጥፍ በላይ ነው። ስለዚህ ከወለደች ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ ያው 75 ግራሙ ግሉኮስ ይደገማል። መመዘኛው ግን አሁን የተለየ ነው፤ ከ2 ሰዓት በኋላ ከ140 በታች ደህና፣ 200ና ከዚያ በላይ ስኳር ነው። የሕፃኑ የ6 ሳምንት ክትባት ቀጠሮ ስላለ ከዚያ ጋር ማያያዝ ይቀላል።

እሷ ልጇን አስከትባ በማግስቱ ተመረመረች፤ ከ2 ሰዓት በኋላ 152። ስኳር አይባልም፣ ደህናም አይባልም። በየዓመቱ እንድትለካ፣ ሦስተኛ ካረገዘች ደግሞ 24ኛውን ሳምንት ሳትጠብቅ ገና እንዳወቀች እንድትመጣ ካርዷ ላይ ተጽፎላታል።