ተረከዛችሁን የሚያማችሁ የበቀለው አጥንት አይደለም

«ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ተረከዜን ሚስማር የወጋኝ ያህል ያመኛል። አሥር እርምጃ ያህል ከሄድኩ በኋላ ቀለል ይለኛል። ራጅ ተነሳሁ፣ አጥንት በቅሏል አሉኝ። ካልተቆረጠ አይድንም ይባላል። እውነት ነው?»

አይደለም።

ጠያቂዋ እዚሁ ሐዋሳ የሚያስተምሩ የ46 ዓመት መምህርት ናቸው። ቃሉ ትንሽ ይለያይ እንጂ ይህንን ጥያቄ በፊዚዮቴራፒ ሥራዬ ሁልጊዜ እሰማዋለሁ። ጥያቄው አያናድደኝም። የሚያናድደኝ ሰው ራጁን በፌስታል አንጠልጥሎ ሲመጣ የተፈረደበት መምሰሉ ነው። እግሩን ከማሳየቱ በፊት ራጁን ያሳየኛል።

ከተረከዝ አጥንት ሥር ተነስቶ እስከ ጣቶቻችን መነሻ የሚዘረጋ ሰፊና ጠንካራ ጅማት አለ። ፕላንታር ፋሺያ ይባላል። የውስጥ እግራችንን ቅስት ወጥሮ የሚይዘው እሱ ነው። ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት፣ ተረከዝ ላይ በተጣበቀበት ቦታ ይጎዳል። ይህ ነው ፕላንታር ፋሲያይተስ የሚባለው። ቦታውን በአውራ ጣታችሁ ልታገኙት ትችላላችሁ። ከተረከዙ መሐል ትንሽ ወደ ፊትና ወደ ውስጥ በኩል ጫን በሉት። «እሱ ነው!» ብላችሁ ከጮኻችሁ አገኛችሁት ማለት ነው።

ራጅ ላይ እንደ እሾህ ሹል ብሎ የሚታየውስ? አለ፣ አልክድም። ግን ተረከዛቸውን አሟቸው የማያውቁ ብዙ ሰዎችም አላቸው። ዕድሜ ሲጨምር ደግሞ ይበዛል። በተቃራኒው ክፉኛ እየታመሙ ራጃቸው ንጹሕ የሆነ ሰዎች አሉ። ዋናው ነገር ራጅ አጥንትን እንጂ ጅማትን አጥርቶ አያሳይም። የታመመው ሳይታይ ያልታመመው ታይቶ ጥፋተኛ ይባላል።

መምህርቷ ራጁን የተነሱት በሁለቱም እግራቸው ነበር። የሚያማቸው ቀኝ ነው። ፊልሙን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስቼ አብረን አየነው። የግራው እሾህ ከቀኙ ይበልጣል! «ግራዎን ያምዎታል?» አልኳቸው። «ኧረ በጭራሽ» አሉ። ከዚያ ዝም ብለው ፊልሙን ደግመው አዩት። ከዚህ በላይ ማስረጃ ማምጣት አልችልም። ቀዶ ጥገና የሚታሰበው ሌላው ሁሉ በአግባቡ ለረጅም ወራት ተሞክሮ እምቢ ላላቸው ጥቂት ሰዎች ነው።

«ብርድ ነው» የሚለውንም ልመልስ። ሴራሚኩ ላይ በባዶ እግር መቆም ጅማቱን ይጎዳዋል፣ ግን በቅዝቃዜው ሳይሆን በጥንካሬው ነው። «ሪህ ነው» ለሚሉ ደግሞ፦ ሪህ ብዙውን ጊዜ የእግር አውራ ጣት መጋጠሚያ ላይ ነው የሚጀምረው። ያብጣል፣ ይቀላል፣ ያቃጥላል። አሥር እርምጃ ስለሄዳችሁም አይለቃችሁም።

ጠዋት ለምን ይብሳል? ስንተኛ እግራችን ወደ ታች ዘንበል ብሎ ያድራል። ባታችንም ጅማቱም እንዳጠሩ ያነጋሉ። ከአልጋ ወርደን ስንቆም ያ ያጠረ ጅማት የሰውነታችንን ክብደት በአንድ ጊዜ ይሸከማል። ትንሽ ሲሄዱበት ይለጠጥና ይላላል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው «ሲሟሟቅ ይተወኛል፣ ስለዚህ ብዙ ልሂድበት» የሚለው። ትልቁ ስህተት እዚህ ጋ ነው። ሕመሙ ይደበቃል እንጂ አይሄድም። ቀኑን ሙሉ ቆማችሁ ስትውሉ ማታ ይመለሳል። ረጅም ሰዓት ተቀምጣችሁ ስትነሱም እንደ ጠዋቱ ይወጋችኋል።

የመምህርቷ ሕመም የጀመረው መስከረም ላይ ነው። ክረምቱን ቤት ነበሩ። ትምህርት ሲከፈት በቀን አምስት ክፍለ ጊዜ፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ፣ ስስ ሜዳ ጫማ አድርገው ቆሙ። ጅማት እንዲህ ያለ ድንገተኛ ለውጥ አይወድም። አንድ ጎረቤቴም እንዲሁ ሆኗል። ዓመቱን ሙሉ ባጃጅ ሲነዳ ኖሮ በአንድ ሳምንት ውስጥ አራት ቀን ታቦር ተራራን እየሮጠ ወጣ። በሁለተኛው ሳምንት በጣቶቹ እየሄደ መጣ።

ለመምህርቷ የሰጠኋቸው ሥራ ሦስት ነገር ብቻ ነው። የመጀመሪያው አልጋ ላይ የሚሠራ ነው። ጅማቱን ሳትለጥጡ እግራችሁን መሬት አታስነኩ። ቁጭ በሉና የሚያማችሁን እግር የሌላኛው ጉልበት ላይ አስቀምጡ። የእግር ጣቶቻችሁን በእጃችሁ ይዛችሁ ወደ ቅልጥማችሁ አቅጣጫ ወደ ኋላ ሳቡ። በሌላኛው እጃችሁ ውስጥ እግራችሁን ብትዳስሱት ጅማቱ እንደ ክራር ክር ተወጥሮ ታገኙታላችሁ። ካልተወጠረ ስባችሁታል አይባልም። እስከ አሥር ቆጥራችሁ ልቀቁ። አሥር ጊዜ ደጋግሙ። ይህን በቀን ሦስቴ ነው፣ ግን የጠዋቱን የሚተካ የለም። ሰው ሁሉ ሽንት ቤት ደርሶ ተመልሶ ይሠራዋል። ያኔማ የመጀመሪያው እርምጃ ጉዳቱን አድርሷል!

ሁለተኛው የባት ነው። ግድግዳ ገፍታችሁ ቁሙ፣ የሚያማችሁ እግር ከኋላ ይሁን፣ ተረከዙ ከመሬት አይነሳ። ጉልበታችሁን ቀጥ አድርጋችሁ ሠላሳ ሰከንድ፣ ከዚያ ጉልበቱን ትንሽ አጥፋችሁ ሌላ ሠላሳ ሰከንድ።

ሦስተኛው ማጠንከሪያ ነው። ይህን ከሁለት ሳምንት በኋላ ጨመርንላቸው። የተጠቀለለ ፎጣ ደረጃ ላይ ይቀመጣል፣ ጣቶች ፎጣው ላይ ይወጣሉ፣ ተረከዝ ከደረጃው ውጭ ይቀራል። በሦስት ሰከንድ ቀስ ብሎ ወደ ላይ፣ ሁለት ሰከንድ ቆሞ፣ በሦስት ሰከንድ ወደ ታች። በየሁለት ቀኑ እንጂ በየቀኑ አይደለም። ሲሠሩት ትንሽ ማመሙ አያስፈራም። በማግስቱ ጠዋት ከወትሮው ከባሰ ግን በዝቷል ማለት ነው።

ጫማን በተመለከተ «ለስላሳ ከሆነ ጥሩ ነው» የሚባለውን አልቀበልም። ስፖንጅ ሲሊፐር ለስላሳ ነው፣ ግን እግሩን አይደግፍም። ሱቅ ስትሄዱ ጫማውን ከፊትና ከኋላ ይዛችሁ እጠፉት። መታጠፍ ያለበት ጣቶች ያሉበት ቦታ ላይ ነው። ወገቡ ላይ እንደ እንጀራ ከተጠቀለለ መልሱት። የተረከዙን ጀርባ በጣታችሁ ጫኑት፣ ወደ ውስጥ ከሰረገደ እሱንም መልሱት። ተረከዙ ከፊቱ ሁለት ሦስት ሳንቲሜትር ከፍ ቢል ባትን ያሳርፋል። ሳልባጅ እስኒከር ከላይ አዲስ መስሎ ሶሉ የሞተ ሊሆን ይችላል። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ከኋላ እዩት፣ ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ የሌላ ሰው አረማመድ ነው የምትገዙት። በልክ የተሠራ ውድ ሶል ግዴታ አይደለም። የተዘጋጀው ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ቤት ውስጥም ጫማ አድርጉ። መምህርቷ ከአልጋቸው ሥር የቤት ጫማ አስቀምጠዋል፣ ሴራሚክ በባዶ እግራቸው አይረግጡም።

ተረከዝ ላይ የሚወጋው የኮርቲዞን መርፌስ? ያስታግሳል፣ ብዙ ጊዜ ለጥቂት ሳምንታት። ሲደጋገም የተረከዝን ስብ ሊያሳሳ፣ ጅማቱንም ሊበጥስ ይችላል። ሕመሙ ሲጠፋ ሰው ድኛለሁ ብሎ ወደ ሜዳ ጫማው ይመለሳል፣ ከዚያ በየወሩ «አንድ ልጨምር» ይላል። ወጌሻ ጋ ሄዳችሁ የሚያመውን ነጥብ በጉልበት ማሳሸት ደግሞ አትሞክሩት።

አሁን ስለ ጊዜው። «ሁለት ሳምንት ሠራሁት፣ ምንም አልሆነልኝም» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ወገኖቼ፣ ይህ ሕመም በሳምንት አይለካም። አብዛኛው ሰው ያለ ቀዶ ጥገና ይድናል፣ ግን ከብዙ ወራት እስከ አንድ ዓመት ይፈጃል። ከዚያም የሚያልፍበት አለ። ጅማት በቀስታ ነው የሚጠገን። ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሻልም፣ ይወጣል ይወርዳል።

መምህርቷ የጠዋቱን የመጀመሪያ እርምጃ ሕመም ከአሥር እየሰጡ ደብተር ላይ ይጽፉ ነበር። ሲጀምሩ ስምንት ነው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ያው ስምንት፣ ሊያቆሙ ነበር። ስድስተኛው ላይ አምስት ሆነ። ታኅሣሥ 19 የገብርኤል ዕለት ጫማ አውልቀው ለሰዓታት ቆመው አስቀደሱ። በማግስቱ ሰባት ተጻፈ። ስልክ ደውለው «ሁሉም ከንቱ ሆነ» አሉኝ። ከንቱ አልሆነም። ለአሥር ቀን ያህል ማጠንከሪያውን ቀነስን፣ መለጠጡ ቀጠለ፣ ወደ አራት ወረደ። ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ ወፍራም ካልሲ ውስጥ የተረከዝ ስፖንጅ እያስገቡ ነው። ሚያዝያ ላይ ሁለት ነበር። ሰኔ ላይ ፈተና ሲያስፈትኑ ውለው በማግስቱ ዜሮ ጻፉ። ሥራውን ከጀመሩ ስምንት ወር ሞላው። እሾሁ እስካሁን ሁለቱም እግራቸው ላይ ሳይኖር አይቀርም፣ ማንም አልነካውም።

ሁሉም የተረከዝ ሕመም ግን ይህ አይደለም። ተረከዙን ከግራና ከቀኝ በሁለት መዳፍ ጨምቃችሁ በጣም ካመማችሁ የአጥንት ስንጥቅ ሊሆን ይችላል፣ በተለይ ሩጫ በድንገት ለጨመረ ሰው። ተኝታችሁም ሌሊት የሚቀሰቅሳችሁ ከሆነ፣ ከደነዘዘ ወይም ካቃጠለ፣ ካበጠና ትኩሳት ካለው መለጠጡን ትታችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ወጣት ሆናችሁ ሁለቱም ተረከዞቻችሁ የሚያሟችሁ፣ ጠዋት ጠዋትም ወገባችሁ ለረጅም ሰዓት የሚገትር ከሆነ ስለ ወገባችሁ ለሐኪሙ መንገር አትርሱ። ስኳር ያለባችሁ ደግሞ እግራችሁ ሲደነዝዝ ወይም ሲቆስል ነገ ዛሬ አትበሉ፣ በዚያው ቀን ታዩ።