«በነፃ ነው የሚያማክረኝ» እና ስለ ገንዘብ አማካሪዎች የምሰማቸው ሌሎች ስህተቶች

«ምንም አያስከፍለኝም፤ በነፃ ነው የሚያማክረኝ።»

ይከፈለዋል። ያውም ከእናንተው ገንዘብ ነው። ደረሰኝ ስለማይቆረጥ ብቻ አይታያችሁም።

ሜሪላንድ ውስጥ የታክስ ወረቀት እሠራለሁ። ከጃንዋሪ እስከ ኤፕሪል ይህን ነገር የማልሰማበት ሳምንት የለም፤ እውነቱን ለመናገር ሰልችቶኛል። የሚሉኝ ሰዎች ሞኞች አይደሉም። ሁለት ሥራ እየሠሩ ያጠራቀሙ ናቸው። ለዚህም ነው የሚያንገበግበኝ።

አንዲት ደንበኛዬ ሆስፒታል ውስጥ ትሠራለች። ደሞዟ በዓመት 60,000 ዶላር ገደማ ነው። ደብሊው-2 ወረቀቷ ላይ፣ ሳጥን 12 ውስጥ «ዲ» ከሚለው ፊደል ጎን፣ በየዓመቱ 3,600 ዶላር አይ ነበር። በ401ኬ ለጡረታዋ ያስቀመጠችው ነው። አሠሪዋ ደግሞ ለእያንዳንዱ ዶላር ሃምሳ ሳንቲም ይጨምርላታል። በዓመት 1,800 ዶላር ማለት ነው። አንድ ዓመት መጣች፣ ያ ቁጥር የለም።

«ምነው፣ ምን ሆነ?» አልኳት።

«አማካሪ አገኘሁ። ገበያው ሲወድቅ 401ኬውም ይወድቃል፣ እሱን ተይና በወር 300 ዶላር እዚህ አስገቢ፣ ይሄኛው አይወርድም አለኝ።»

የገዛችው አይዩኤል የሚባለውን የሕይወት ኢንሹራንስ ነበር። ገንዘቡ ስቶክ ገበያ ውስጥ አይገባም። ኩባንያው የገበያውን ኢንዴክስ አይቶ ወለድ ያስብላችኋል። ወለዱ ጣሪያ አለው፤ ገበያው ሲወድቅ ደግሞ ዜሮ ነው። ዜሮ በሆነበት ዓመትም የኢንሹራንሱ ወጪ ከሂሳቡ መቀነሱ አይቀርም። ስለዚህ «አይወርድም» የሚለው ግማሽ እውነት ነው።

ውሉን አምጪው አልኳት። አማካሪው በ65 ዓመቷ የምታገኘውን ትልቅ ቁጥር በቢጫ አስምሮላታል። ቁጥሩ ያለው «ዋስትና የሌለው» በሚለው ዓምድ ሥር ነው። እዚያው ገጽ ላይ «ዋስትና ያለው» የሚል ሌላ ዓምድ አለ። እዚያ ላይ፣ በመጀመሪያው ዓመት ውሉን ብታፈርስ የሚመለስላት ዜሮ ይላል። ቢጫው እዚያ አልደረሰም።

አሁን የእሱን ኪስ እንይ። እንዲህ ባለ ውል ላይ የመጀመሪያው ዓመት ኮሚሽን ከዓመቱ ክፍያ ግማሹን አልፎ ወደ ሙሉው ሊጠጋ ይችላል። 70 በመቶ ነው ብንል፣ ከ3,600 ዶላሩ 2,520 ለእሱ ነው። «401ኬሽን እንዳትነኪ» ብሏት ቢሆን ኖሮ ምንም አያገኝም ነበር። የጥቅም ግጭት የሚባለው ይሄ ነው። ሰውዬው ክፉ መሆን አያስፈልገውም። አንዱ ምክር ያበላዋል፣ ሌላው አያበላውም፤ በቃ። እሷ ግን በዓመት የአሠሪዋን 1,800 ዶላር አጣች።

ልትተወው ስትል «ቢያንስ አንድ ዓመት ያዢው» ብሎ ለመናት። ምክንያት አለው። ብዙ ኩባንያዎች ውሉ ቶሎ ከፈረሰ የከፈሉትን ኮሚሽን ከሻጩ መልሰው ይወስዳሉ። በዚያ ላይ «ላይሰንስ አውጪና አብረን እንሥራ» ብሏት ነበር። በዚህ ዓይነት ድርጅት ውስጥ ያስገባችሁ ሰው እናንተ ከምትሸጡት ላይም ድርሻ አለው።

ኢንሹራንስ አያስፈልግም እያልኩ አይደለም። ልጆች ላላት እናት ለ20 ዓመት የሚቆይ ተራ ተርም ኢንሹራንስ ትልቅ ነገር ነው። ክፍያው ትንሽ ስለሆነ ኮሚሽኑም ትንሽ ነው። ይህን አስቀድሞ ያነሳላችሁ ሻጭ ካለ ጆሯችሁን ስጡት።

ምንም ነገር ከመፈረማችሁ በፊት ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፤ መልሱንም በኢሜይል ተቀበሉ። ይህን ብገዛ ስንት ታገኛለህ? ባልገዛስ? በግልጽ የሚመልስ ሰው አለ፤ አጋጥሞኛል። «ኩባንያው ነው የሚከፍለኝ፣ አንቺን አይመለከትሽም» ካለ ግን ተነሡ።

«ላይሰንስ አለው፤ ግድግዳው ላይ ሰቅሎታል።»

የምን ላይሰንስ? የሕይወት ኢንሹራንስ ላይሰንስ የኢንሹራንስ መሸጫ ፈቃድ ነው። አጭር ኮርስና የስቴት ፈተና ይበቃዋል። ስለ ጡረታ ዕቅድ ወይም ስለ ኢንቨስትመንት ያለውን እውቀት አያሳይም። ሲኤፍፒ የሚባለው የፋይናንስ ዕቅድ አውጪዎች ማዕረግ ከዚህ ይለያል። ትምህርት፣ ከባድ ፈተናና በሺዎች የሚቆጠር ሰዓት የሥራ ልምድ ይጠይቃል፤ ያዡም ምክር ሲሰጥ የደንበኛውን ጥቅም ማስቀደም አለበት። እንደዚያም ሆኖ ሲኤፍፒ ያለው ሰው ኮሚሽን መቀበል አይከለከልም። ስለዚህ ማዕረጉን አይታችሁ አትቁሙ፣ አከፋፈሉንም ጠይቁ።

ማጣራቱ አስር ደቂቃ ቢፈጅ ነው። brokercheck.finra.org ላይ ስሙን ጻፉ። የኢንቨስትመንት አማካሪ ከሆነ adviserinfo.sec.gov ላይም ይወጣል። የሠራባቸውን ቦታዎችና የቀረበበትን ቅሬታ ታያላችሁ። የደንበኛዬን አማካሪ አብረን ፈለግነው፤ አንዱም ላይ አልነበረም። የነበረው በስቴቱ የኢንሹራንስ ሻጮች መዝገብ ላይ ብቻ ነው። ያ ማለት ሌባ ነው ማለት አይደለም። ኢንሹራንስ ሻጭ ነው ማለት ነው።

adviserinfo.sec.gov ላይ ከተገኘ ደግሞ ፎርም ኤዲቪ ክፍል 2ኤ የሚባለውን ሰነድ አውርዱ። ሁሉንም ማንበብ አይጠበቅባችሁም። ተራ ቁጥር 5 ስለ ክፍያው፣ 9 ስለ ቅጣቱ፣ 10 ከሌሎች ኩባንያዎች ጋር ስላለው ግንኙነት ይናገራል። አማካሪው ከኢንሹራንስ ሽያጭም የሚያገኝ ከሆነ ብዙውን ጊዜ እዚያ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

«መንግሥት መዝግቦታል፣ ስለዚህ አስተማማኝ ነው።»

በቢሊዮን የሚቆጠር የደንበኞቹን ዶላር ያጭበረበረው በርናርድ ማዶፍም የተመዘገበ ነበር። መመዝገብ መታወቅ እንጂ መረጋገጥ አይደለም።

«የኛው ሰው ነው፤ ቤተ ክርስቲያን አብረን ነን፣ አይዋሸኝም።»

ላይዋሽ ይችላል፤ እሱም የተነገረውን አምኖ ይሆናል። ግን ማዶፍም ብዙ ደንበኞቹን ያገኘው ከራሱ ማኅበረሰብ፣ በሰው በሰው ነው። ዝምድና ካለ እንዲያውም የበለጠ ጠይቁ፤ አብሮ አደግን «ኮሚሽንህ ስንት ነው?» ማለት ስለሚያሳፍረን ነው ዝም የምንለው። አንድ ነገር ላይ ግን አትደራደሩ። ቼኩን በአማካሪው ስም ወይም በራሱ ድርጅት ስም አትጻፉ። ገንዘቡ ራሱን በቻለ ትልቅ ተቋም፣ በእናንተ ስም መቀመጥ አለበት፤ መግለጫውም ከዚያው ተቋም በቀጥታ ይምጣላችሁ።

«በዓመት ከያዘልኝ ገንዘብ አንድ ፐርሰንት ቢወስድ ምን አላት? ከኮሚሽን ነፃ ከሆነ ይብቃኝ።»

በ200,000 ዶላር ላይ በዓመት 2,000 ዶላር ናት፤ ገበያው ቢወድቅም ትቆረጣለች። ግጭትም አይጠፋም። የሚከፈለው በያዘው ገንዘብ መጠን ስለሆነ፣ የቤት ዕዳ እንድትከፍሉ ወይም ገንዘቡን 401ኬ ውስጥ እንድትተዉት ሲመክር ገቢው ይቀንሳል። የሚያስፈልጋችሁ አንድ ጊዜ ዕቅድ ማስወጣት ከሆነ በሰዓት ወይም በተቆረጠ ዋጋ የሚሠሩ አሉ። ስትፈልጉ «ፊ-ኦንሊ» የሚለውን ያዙ፤ የሚከፈለው ከደንበኛው ብቻ ነው። «ፊ-ቤዝድ» የሚለው ግን ኮሚሽንም ሊጨምር ይችላል።

«አንዴ ፈርሜያለሁ፤ አለቀ።»

አላለቀም። አዲስ የሕይወት ኢንሹራንስ ውል በአብዛኞቹ ስቴቶች ከተረከባችሁበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ 10 ቀን ሙሉ ገንዘብ የሚመለስበት ጊዜ አለው። ስንት ቀን እንደሆነ ውሉ ላይ ተጽፏል። ማፍረሱን ለኩባንያው ራሱ በጽሑፍ አሳውቁ፣ ለሻጩ ብቻ ነግራችሁ አትተዉት።

ቀኑ ካለፈም አትቸኩሉ። ኩባንያው ዛሬ ብታፈርሱት የሚመለስላችሁን መጠንና የማፍረሻ ቅጣቱ በየዓመቱ እንዴት እንደሚቀንስ የሚያሳይ አዲስ ሠንጠረዥ እንዲልክላችሁ ጠይቁ። የሚደገፉባችሁ ልጆች ካሉ ደግሞ ተርም ኢንሹራንሱ ጸድቆ እጃችሁ ሳይገባ የድሮውን አታፍርሱ፤ በመሃል ጤናችሁ ቢታወክ አዲስ ላይሰጧችሁ ይችላሉ። ደንበኛዬ በዚህ ቅደም ተከተል ሄደች። መጀመሪያ 401ኬዋን መልሳ ከፈተች፣ ተርሙ ሲጸድቅላት አይዩኤሉን ዘጋች። ከከፈለችው የተመለሰላት የለም።