የሦስት ደቂቃ ፒች ምንድን ነው?

ፒች የምንለው አንድ ጀማሪ ድርጅት በዳኞች ፊት ቆሞ ችግሩን፣ መፍትሔውንና የሚፈልገውን ነገር የሚያስረዳበት አጭር ንግግር ነው። በብዙ ውድድሮች ሦስት ደቂቃ ይሰጣል። ሰዓቱ ሲሞላ ደወል ይደወላል፣ ማይኩም ይዘጋል፤ ከዚያ ዳኞች ይጠይቃሉ።

ብዙ ሰው ፒችን ድርጅቱን የሚያስተዋውቅበት ንግግር አድርጎ ያየዋል። ፒች ግን ጥያቄ ነው። ችግሩም መፍትሔውም የሚነገሩት መጨረሻ ላይ ለሚቀርበው ጥያቄ ምክንያት እንዲሆኑ ነው። ስለዚህ ሲጻፍ ከታች ወደ ላይ ይጻፋል፦ መጀመሪያ «ምን እንፈልጋለን?» ይወሰናል፣ ቀጥሎ ያንን ጥያቄ የማይደግፍ ዐረፍተ ነገር ሁሉ ይወጣል። ሽማግሌ ልጅ ሊጠይቅ ሲሄድ ስለ ዝናቡና ስለ ከብቱ ተጫውቶ ነው ወደ ጉዳዩ የሚገባው። እዚህ ለዚያ ጊዜ የለም።

ነገሩን በአንድ ምሳሌ እንየው። ደብረ ብርሃን ዙሪያ፣ በባሶና ወራና ቀበሌዎች፣ ላም ያለው ገበሬ በቀን ሁለት ጊዜ ያልባል። ወተት ተቀባዩ የሚመጣው ግን ጠዋት ብቻ ነው እንበል። የማታው ወተት በጀሪካን ያድራል፣ ጠዋት ከትኩሱ ጋር ይቀላቀላል፣ ተቀባዩ ጋ ሲደርስ በአልኮል ይፈተናል። ወተትና አልኮል እኩል ተቀላቅለው ወተቱ ከቋጠረ አሲዱ ጨምሯል ማለት ነው። ያኔ የማታው ብቻ ሳይሆን አብሮት የተቀላቀለው የጠዋቱም ይመለሳል። ሦስት ወጣቶች ለዚህ መፍትሔ ይዘው ይወዳደራሉ፦ መንደር ውስጥ 500 ሊትር የሚይዝ ማቀዝቀዣ ተክለው የማታውን ወተት እዚያው ይቀበላሉ፣ የእያንዳንዱን ገበሬ ለየብቻ ይፈትናሉ፣ በ4 ዲግሪ አሳድረው ጠዋት ለማቀነባበሪያ ይሸጣሉ። ከዚህ በታች ያሉት የብር ቁጥሮች ለማሳያ የተቀመጡ ናቸው፤ አሠራራቸው ግን በእውነተኛው ሂሳብም ያው ነው።

ከጥያቄው እንጀምር። ወጣቶቹ በመጀመሪያው ረቂቃቸው 700,000 ብር ጠየቁ፦ ለማቀዝቀዣው 450,000፣ ለጄኔሬተር 150,000፣ ለወተት ዕቃና ለመፈተሻ መሣሪያ 100,000። ሂሳቡ ንጹሕ ይመስላል፤ ግን ድርጅቱ ሥራ በጀመረ በሁለተኛው ሳምንት ይቆማል። ምክንያቱ ይህ ነው፦ ከገበሬው ሊትሩን በ50 ብር ቢገዙ የቀን ግዢያቸው 25,000 ብር ነው። ገበሬው በየሳምንቱ ይከፈለዋል፣ ማቀነባበሪያው ግን የሚከፍላቸው በ15ኛው ቀን ነው። ከዚያ በፊት የ14 ቀን ወተት ከኪሳቸው ሊከፍሉ ነው፤ 350,000 ብር። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ 1,050,000 ብር ነው። ዕቃ ብቻ ቆጥሮ የመንቀሳቀሻ ገንዘብን መርሳት በፒች ላይ የተለመደ ስሕተት ነው፤ ንግድ የሚያውቅ ዳኛም መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው።

ጥያቄው ሙሉ የሚሆነው አራት ነገር ሲይዝ ነው፦ ስንት፣ በምን መልክ (ስጦታ፣ ብድር ወይስ በድርሻ)፣ ለምን፣ በስንት ጊዜ ምን ውጤት እንደሚታይ። ሽልማቱ አስቀድሞ የተወሰነ ከሆነ፣ ለምሳሌ 200,000 ብር ከሆነ፣ ሚሊዮን መጠየቅ ዋጋ የለውም። ያኔ የሚጠየቀው በ200,000 ብር ብቻውን የሚቆም የመጀመሪያ እርምጃ ነው፤ እንበል የመፈተሻ ቦታውና የመቶ ሊትር ማቀዝቀዣ። የገንዘብ ያልሆነ ጥያቄም አለ፦ ከቀበሌ አንድ ክፍል፣ ከማቀነባበሪያ የግዢ ውል። አንዳንዴ ውሉ ከገንዘቡ ይበልጣል፤ በውሉ ብድር ይገኛልና።

እዚህ ላይ ይሉኝታ ይገባል። «የተቻላችሁን ብታደርጉልን»፣ «ትብብራችሁ አይለየን» የሚሉ ዐረፍተ ነገሮች በሰርግና በዕድር ያምራሉ፤ በፒች ግን ዳኛው ወረቀቱ ላይ የሚጽፈው ቁጥር ያጣል። ትሕትና በድምፅ ይገለጻል፣ መጠኑ ግን በግልጽ ይነገራል።

ጥያቄው ከተወሰነ በኋላ ችግሩ ይመረጣል። አዎ፣ ይመረጣል። ስለ ወተት ብዙ ችግር መናገር ይቻላል፦ የመኖ መወደድ፣ የዝርያ ማነስ፣ መንገድ። ማቀዝቀዣ ለሚጠይቅ ሰው ግን አንድ ችግር ብቻ ነው ያለው፣ የማታው ወተት። መኖን ያነሣ እንደሆነ ዳኛው «ታዲያ ማቀዝቀዣው መኖውን ምን ያደርገዋል?» ይላል። «ኢትዮጵያ ከአፍሪካ ብዙ ከብት ካላቸው አገሮች አንዷ ናት» ብሎ መጀመርም እንዲሁ ነው። እውነት ነው፤ ግን የመንደሩን ጀሪካን አያሳይም። ይልቅ እንዲህ ይባላል፦

«አንዲት እናት ማታ አራት ሊትር ታልባለች። ጠዋት ከሌላ አራት ሊትር ጋር ቀላቅላ የአንድ ሰዓት መንገድ ትሄዳለች። ወተቱ በአልኮል ይፈተናል። ቋጠረ። ስምንቱንም ሊትር ይዛ ትመለሳለች። የ400 ብር ወተት ነው።»

ይህ ሃያ ሰከንድ አይፈጅም፤ ችግሩ፣ የሚደርስበት ሰውና ዋጋው ግን ተነግረዋል። ስምንት ሊትር በ50 ብር 400 መሆኑን ዳኛው በልቡ ያሰላል፣ ሲገጥምለትም ተናጋሪውን ያምነዋል።

መፍትሔው ላይ የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ ዝርዝሩ ነው። ማቀዝቀዣው የማን ስሪት እንደሆነ፣ መተግበሪያው በምን ቋንቋ እንደተጻፈ ማንም አልጠየቀም። የሚነገረው የሥራው ቅደም ተከተል ነው፦ ማታ 12 ሰዓት ገበሬው ያመጣል፤ በላክቶሜትር ውኃ እንዳልተጨመረበት፣ በአልኮል እንዳልተበላሸ ይታያል፤ የእያንዳንዱ ወተት ተለይቶ ስለሚፈተን የአንዱ ስሕተት የጎረቤቱን አያስመልስም፤ ማቀዝቀዣው ያሳድረዋል፤ ጠዋት መኪና ይወስደዋል። «ለየብቻ መፈተን» የሚለው ቃል መድረኩ ላይ ትንሽ ቆም ተብሎ መነገር አለበት፤ ከሌላው ነጋዴ የሚለያቸው እሱ ነውና።

ቀጥሎ ማስረጃና ሂሳብ ይመጣል። ማስረጃ ማለት እስካሁን የተሠራ ነገር ነው፤ ዕቅድ ማስረጃ አይደለም። በትንሽ ፍሪጅ ከ18 ቤት ወተት ለስድስት ሳምንት ተቀብለው ከሆነ፣ ስንት ጊዜ እንደተመለሰባቸው በቁጥር ይናገሩ። ሂሳቡ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል፦ «ከሊትር 7 ብር እናተርፋለን። በ500 ሊትር በቀን 3,500 ብር ነው። ወጪያችን 1,700 ነው። በዓመት 200 ቀን ብንሠራ 360,000 ብር ይቀረናል።» ዳኛው 1,050,000ን ለ360,000 ያካፍላል፤ ሦስት ዓመት ያህል። ከመድረኩ «ገንዘቡ በሦስት ዓመት ይመለሳል» ሲባል የራሱን ስሌት ነው የሚሰማው።

የጊዜ ክፍፍሉ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ ችግሩ 40 ሰከንድ፣ መፍትሔው 60፣ ማስረጃና ሂሳቡ 40፣ ጥያቄው 25። ቀሪው 15 ሰከንድ ለጭብጨባ፣ ለማይክ መጮህ፣ ለሚጠፋ ቃል ይተዋል። በአማርኛ በተረጋጋ ንግግር አንድ ሰው በደቂቃ ወደ 100 ቃል ይናገራል፤ ስለዚህ ጽሑፉ ከ270 ቃል ባይበልጥ ይመረጣል። ከእንግሊዝኛ ምክር ላይ «ለሦስት ደቂቃ 400 ቃል» የሚለውን የወሰደ ሰው ጥያቄው ላይ ሳይደርስ ይደወልበታል፤ የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፣ ሰውም ድርጊትም ጊዜም በአንድ ቃል ታጭቀውበታል።

ቋንቋችን ሌላም ጠባይ አለው፦ ግሱ መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው። «በባሶና ወራና ወረዳ የሚገኙ የማታ ወተታቸው እየተመለሰባቸው የሚቸገሩ 125 አባወራዎችን ወተት የሚቀበል ማቀዝቀዣ ለመትከል 1,050,000 ብር…» ላይ ደወሉ ቢደወል ይስጡን ይሁን ያበድሩን አይታወቅም። «1,050,000 ብር በብድር እንፈልጋለን። ማቀዝቀዣ እንተክልበታለን። 125 ቤት ይጠቀማል።» ቢባል ግን የትም ቢቋረጥ የተነገረው ተነግሯል። ቁጥሩም ቢሆን በአፍ ሲባል ይረዝማል። 1,047,350 ብሎ መጠየቅ ጥንቃቄ ይመስላል፤ «አንድ ሚሊዮን አርባ ሰባት ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ» ተብሎ ሲያልቅ ግን የሰማው የለም። ወደ ሙሉ ቁጥር ይጠጋጋ፣ ዝርዝሩ በወረቀት ይሰጥ።

«የተከበራችሁ ዳኞች፣ ክቡራን እንግዶች፣ የዝግጅቱ አስተባባሪዎች…» እያለ የሚቀጥለው ሰላምታ ብዙ ሰከንድ ይበላል። «ጤና ይስጥልኝ» በቂ ነው። ልምምዱም በስልክ ሰዓት፣ ቆሞ፣ ድምፅ አውጥቶ ይሁን፤ በልብ ሲነበብ ሁልጊዜ ያጥራል። ሦስት ጊዜ ተለክቶ አንዱ እንኳ 2 ደቂቃ ከ50 ካለፈ ከመሃል ይቀነስ እንጂ ንግግሩ አይፈጠን። ስላይዱ ባይከፈት ንግግሩ ብቻውን መቆም አለበት፤ መብራት ይጠፋል።

የመብራቱ ነገር ራሱ ከዳኞች የመጀመሪያ ጥያቄዎች አንዱ ነው፤ ጄኔሬተሩ በሂሳቡ የገባው ለዚያ ነው። ሁለተኛው «ደብረ ብርሃን ብርድ አይደለም ወይ? ወተቱ ለምን ይበላሻል?» የሚል ነው። ውጭው ይበርዳል፤ ወተቱ ግን ከላሟ ሲወጣ 38 ዲግሪ ያህል ነው፣ በጀሪካን ተዘግቶ ምድጃ ባለበት ቤት ሲያድር ቶሎ አይቀዘቅዝም፣ ጀሪካኑም አፉ ጠባብ ስለሆነ ውስጡ በደንብ አይታጠብም። ሦስተኛው የጾሙ ነው። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፣ ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ሌሎችም አጽዋማት አሉ። ማቀዝቀዣ ወተትን ለአንድና ለሁለት ቀን እንጂ እስከ ፋሲካ አያቆይም። ወጣቶቹ በዓመት 200 ቀን ብቻ ያሰሉት ለዚህ ነው፤ በጾም ወተቱ ቅቤ ይናጣል፣ ቅቤው ለፋሲካ ይሸጣል። ይህን በሦስቱ ደቂቃ ውስጥ መናገር አያስፈልግም። ሲጠየቁ ግን በሁለት ዐረፍተ ነገር መመለስ አለባቸው፣ ሁለተኛውም ቅቤው ስንት እንደሚያወጣ የሚናገር ይሁን።